ስለ ግሊሰሪን የጻፍኩት ስላይድ

ኅዳር ሲገባ የካ አባዶ ላይ ነፋሱ ይለያል። ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ስወጣ ከንፈሬ ወዲያው ይደርቃል። ማታ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ስመለስ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አቧራ ለብሷል። ውሃ የመጣበት ቀን ከሆነ ታጥቤ፣ ካልመጣም ከጀሪካኑ ቀንሼ እግሬን ተለቃልቄ ቁጭ እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ ቅልጥሜን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ነጭ መስመር ይቀራል። ልጆች ሆነን በዚያ መስመር እግራችን ላይ ስማችንን እንጽፍ ነበር።

ይህን የማነሳው ያ ነጭ መስመር ባለፈው ዓመት የአንድ ፖስት የመጀመሪያ ስላይድ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ለትናንሽ ሱቆች የሶሻል ሚዲያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። የአክስቴ ልጅ እኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ ኮስሞቲክስ ሱቅ አላት። ጥቅምት ላይ አንድ ሞይስቸራይዘር በካርቶን አስመጣች። 200 ግራም የሚይዝ ትልቅ ቲዩብ ነው፣ 50 ግራም የሚይዝ ትንሽም አለው። ከዚያ ጠራችኝና "ካሩሰል ሥሪልኝ" አለችኝ። በጣት ወደ ጎን እየተገፋ የሚታየውን ማለቷ ነው። "ግን ማስታወቂያ እንዳይመስል። የሚያስተምር ይሁን፣ መጨረሻ ላይ ክሬሙን አስገቢው።"

ከዚያ በፊት ሌላ ሰው የሠራላት አንድ ፖስት ነበር። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ቲዩቡ በአበባ ተከቦ ቆሟል። ከላዩ "ቆዳዎ ደርቋል? መፍትሔው ደረሰ!" ይላል። ቀጥሎ የጥቅሙ ዝርዝር፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ሴቭ ያደረጉት ሰዎች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አይገርመኝም። ሰው ሴቭ የሚያደርገው በኋላ የሚፈልገውን ነገር ነው፤ ስልክ ቁጥር ደግሞ ሱቁ ታች ስላለ አያስፈልገውም።

እኔ በነጩ መስመር ጀመርኩ። ቅልጥሜን ጫር አድርጌ ማታ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሳሁት። ከሥሩ "ታጥበሽ ስትጨርሺ እግርሽ እንዲህ ይሆናል?" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉን ትልቅ አደረግሁት። የእኛ ፊደል በስልክ ላይ ሲያንስ ይደበዝዛል፤ ሰ እና ስ፣ ለ እና ሉ በአንዲት ጭረት ብቻ ነው የሚለያዩት። አንድ ስላይድ ላይ ከሃያ ቃል በላይ ላለመጻፍ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስላይድ ብቻውን መቆም አለበት። ኢንስታግራም መጀመሪያ አይቶ ሳይገፋ ያለፈውን ሰው አንዳንዴ ተመልሶ ሁለተኛውን ስላይድ ያሳየዋል። ስለዚህ "ምክንያቱ ይኸውና..." ብሎ የሚንጠለጠል ነገር እዚያ አይሠራም። እኔ ግንብ ሣልኩበት። የቆዳችን የላይኛው ንብርብር የድንጋይ ግንብ ይመስላል። ድንጋዮቹ የሞቱ ህዋሳት ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጭቃ ስብ ነው። ጭቃው ደህና ከሆነ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ አይወጣም። ሳሙና ጭቃውን አጥቦ ይወስዳል። በተለይ የልብስ ሳሙና ለገላ ስንጠቀም ይብሳል፣ ከቆዳችን ጋር የማይስማማ ኃይለኛ ነገር ነውና። ከላይ ደግሞ የበጋው ደረቅ አየር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ማታው ይበርዳል፣ አየሩ እርጥበት የለውም። ስንጥቁ ላይ ያለውን ውሃ ይጠጣዋል።

ሦስተኛው ክሬም ምን እንደሚሠራ የሚናገር ነበር። ስም ሳልደረድር ሦስት ሥራ አልኩት። አንዱ ውሃ ይስባል፣ ግሊሰሪን እንደዚህ ነው። አንዱ ስንጥቁን ሞልቶ ያለሰልሳል፣ ዘይትና ቅቤ እንደዚህ ናቸው። አንዱ ከላይ ከድኖ ውሃው እንዳይወጣ ይይዛል፣ ቫዝሊን እንደዚህ ነው። አራተኛው ስለ ሰዓቱ ነበር፤ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ ሻወር ከወሰድሽ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ ተቀቢ። የቆዳ ሐኪሞች ይህን ቁጥር የሚናገሩት ሰው እንዲይዘው ብለው ነው። ቁም ነገሩ ውሃው ተኖ ሳያልቅ መክደን ነው።

እስከዚህ ድረስ ዛሬም የምቆምለት ነው። ችግሩ አምስተኛው ላይ ነው።

ሰፈራችን ሰው ግሊሰሪን ይወዳል። ከፋርማሲ በትንሽ ጠርሙስ ይገዛል፣ እንዳለ ፊቱንና እጁን ይቀባል። ክሬሙን የሚገዛው ሰው ሊተወው የሚገባው ነገር ይህ ነው ብዬ አሰብኩ። አምስተኛው ስላይድ ላይ የግሊሰሪን ጠርሙስ ሥዬ በላዩ ቀይ ኤክስ አደረግሁበት። "ግሊሰሪን ቆዳ ያደርቃል! አቁሚ!" አልኩ። ስድስተኛው ላይ ቫዝሊንን "ላዩን ብቻ ያብለጨልጫል" ብዬ አለፍኩት። ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ክሬሙ መጣ።

ፖስቱ ሄደ። ሼር ተደረገ። የአክስቴ ልጅ ደስ ብሏት ቡና ጠራችኝ።

በሦስተኛው ቀን ኢንቦክስ ላይ አንዲት ሴት ፎቶ ላከችልኝ። ፋርማሲ ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ። ፎቶው የኛው ቲዩብ ጀርባ ነው። በጣቷ አንድ መስመር ጠቁማለች። ከሥሩ "እህቴ፣ ከውሃ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው?" ብላ ጽፋለች።

ግሊሰሪን ነበር።

ቲዩብ ጀርባ ላይ ያለው ዝርዝር እንዴት እንደሚነበብ አውቅ ነበር። በብዛት ያለው ቀድሞ ይጻፋል፣ በመቶ ከ1 በታች የሆኑት መጨረሻ ላይ እንዳሻቸው ይደረደራሉ። ሁለተኛ የተጻፈ ነገር ማለት ከውሃ በቀር በዚያ ክሬም ውስጥ ከሁሉም የሚበዛው ማለት ነው። ሰዉን "አቁሚ" ያልኩትን ነገር ነው እየሸጥኩ የነበረው። ከእሱ ቀጥሎ የተጻፈው ደግሞ ፔትሮላተም ነው፤ ቫዝሊን ማለት እሱ ራሱ ነው።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎረቤታችን እማማ ያን ጠርሙስ ለዓመታት ተጠቅመውበታል፣ ልጃቸው ፖስቱን አንብባላቸው ጥለውት እንደሆነስ እያልኩ። ውሸት ለመጻፍ አልተነሳሁም። ግሊሰሪን ላይ የጻፍኩት ነገር ሥር አለው። ያልተበረዘ ግሊሰሪን በደረቅ አየር ደረቅ ቆዳ ላይ ሲቀባ ከአየሩ የሚስበው ውሃ ስለማያገኝ ከታች ከቆዳው ይስባል። ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። ግን ይህ ስለ አቀባቡ የሚነገር ነው። እርጥብ ቆዳ ላይ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ከላዩ የሚከድን ነገር ከተጨመረበት ግሊሰሪን ከታወቁት ጥሩ እርጥበት ያዦች አንዱ ነው። ግማሹን እውነት ያስቀረሁት ሌላው ግማሽ ክሬሙን ስለማያሸጥልኝ ነበር። ስጽፈው አልታወቀኝም።

ጠዋት ታች ወርጄ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ያን ጊዜ ፖስት የተደረገ ስላይድን በሌላ መተካት አይቻልም ነበር፣ ነጥሎ ማጥፋት ግን ይቻላል። አምስተኛውን አጠፋሁ። ከፖስቱ ሥር መጀመሪያ መስመር ላይ "እዚህ ግሊሰሪን ያደርቃል ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ የምንሸጠው ክሬም ራሱ ግሊሰሪን አለው። አዲስ አዘጋጅቼ እመለሳለሁ" ብዬ ጻፍኩ። አጥፍቶ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን ሼር ያደረጉት ሰዎች ስላይዱን በስክሪንሾት ይዘውታል።

አዲሱን ስንሠራ ነው የተጣላነው። እኔ እንዲህ ልጽፍ ነው አልኳት፦ መዳፍሽ ላይ ውሃ እያለ ግሊሰሪን 2 ጠብታ ጨምሪ፣ አሻሽተሽ ተቀቢ፣ ከላዩ ቫዝሊን ስስ አድርጊበት። በጠርሙስ በርዘሽ አታስቀምጪ፤ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ውስጥ ባክቴሪያ አይራባም፣ ውሃ ሲገባበት ግን ይበላሻል። በየጊዜው መዳፍ ላይ ይቀላቀል።

"እንግዲህ ይህን ከነገርሻቸው እኔ ምን ልሸጥ?" አለችኝ። ፊቷ ተለወጠ። "ቫዝሊን ጎረቤት ሱቅም አለ። ካርቶኑ እዚህ ተቆልሎ እያየሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ክሬሙን ከፍቼ እጄ ላይ ቀባሁት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ገባ፣ አይጣበቅም፣ አያብለጨልጭም። ቫዝሊን ፊትሽን ተቀብተሽ የጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀመጪ፣ መገናኛ ስትደርሺ አቧራውን ሁሉ ይዞልሻል። ግሊሰሪንና ውሃ መዳፍ ላይ መቀላቀል ማታ ቤት ውስጥ ይሆናል፣ ጠዋት ሰልፍ ለመያዝ ለሚሮጥ ሰው አይሆንም። ክሬሙ የሚያስገኘው ይህንን ነው። ሦስቱንም ሥራ በአንዴ ይሠራል፣ ለፊትና ለእጅ ይመቻል፣ ጠዋት ጊዜ አይወስድም። ለእግርና ለተረከዝ ግን ከቫዝሊን የሚበልጥበትን ምክንያት አላገኘሁም።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራን። ሐኪሞች መድኃኒትነት ያለው ቅባት ሲያዙ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ከቲዩብ ወጥቶ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚዘረጋው ግማሽ ግራም ያህል ነው፣ ከነጣቶቹ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ለፊትና ለአንገት ሁለት ተኩል የጣት ጫፍ ይበቃል። ለሁለት እጅ መዳፍና ጀርባ ሁለት። ለአንድ እግር ስድስት፣ ለእግር ከቁርጭምጭሚት በታች ሌላ ሁለት። ለሁለቱም እግር ከነታቹ አሥራ ስድስት ይመጣል፣ ያ 8 ግራም ነው። መለኪያው የወጣው ለመድኃኒት ስለሆነ ለደረቅ ቆዳ ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ይቻላል፣ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

አስቢው። አንዲት ሴት በቀን አንዴ ሁለት እግሯን በ200 ግራሙ ቲዩብ ብትቀባ በ25 ቀን ያልቃል። ሰውነቷን በሙሉ ብትቀባ 20 ግራም ይሄዳል፣ በ10 ቀን ባዶ ነው። ተመልሳ የአክስቴን ልጅ "ያስመጣሽው ነገር ውስጡ ባዶ ነው" ትላታለች። ለፊት፣ ለአንገትና ለእጅ ብቻ ብትጠቀምበት ግን ከ2 ግራም ትንሽ ነው የሚያልፈው። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚያልቀው። ትንሹን 50 ግራም ለፊትና ለአንገት ብቻ ብትጠቀምበት 40 ቀን ይሄድላታል።

የአክስቴ ልጅ ካልኩሌተሩን ተቀብላ ራሷ ደግማ መታችው። ዝም አለች። ከዚያ "እግሩን በቫዝሊን በይ" አለችኝ።

ሁለተኛው ካሩሰል እንግዲህ እንዲህ ወጣ። እስከ አራተኛው ያው ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። "ሻወር ከወሰድሽ በኋላ" የሚለውን አውጥቼ "ማታ እግርሽንና ፊትሽን ከታጠብሽ በኋላ" አልኩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የ3 ደቂቃው ምክር በየቀኑ ሻወር ለሚወስድ ሰው የተጻፈ ይመስል ነበር። አምስተኛው ግሊሰሪን ትክክለኛ አቀባቡ። ስድስተኛው ቫዝሊን፣ ለእግርና ለተረከዝ፣ ማታ፣ ካልሲ ከላዩ። ስምንተኛው ክሬሙ ነው። ቲዩቡ በእውነተኛ መጠኑ፣ የጣት ጫፍ መለኪያው በፎቶ፣ "ለፊትና ለእጅ። ትንሹ ለፊትና ለአንገት ብቻ ከሆነ 40 ቀን ያህል ይሄዳል"፣ ዋጋው፣ ብሎኩ። ከሥሩ "የምንሸጠው እኛ ነን፣ ሱቁ የአክስቴ ልጅ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ፖስቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲሸጥ ነው የተስማማነው። ማን እየሸጠ እንደሆነ ግን መደበቅ አልፈለግኩም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ "ሴራማይድ" የሚል ነበር። እሱን አላነሳሁትም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ከማቆያ ኬሚካሎቹ ሁሉ በኋላ ነው። ሴራማይድ ጥቂቱም ቢሆን ይጠቅማል፣ የግንቡ ጭቃ ውስጥ ራሱ ያለ ነገር ነው። ግን ምን ያህል እንዳለበት ሳላውቅ የፖስቱ ራስ ላላደርገው ወሰንኩ።

ሰባተኛውን ዘልዬዋለሁ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከመጀመሪያው ፖስት በኋላ ኢንቦክስ ላይ የመጣው ጥያቄ ግማሹ ስለ ደረቅ ቆዳ አልነበረም። አንዷ "ማድያት ያጠፋል?" አለች። ሌላዋ "ያነጣል?" አለች። አንድ እናት የልጇን ክንድ ፎቶ ላከች። ክብ ነው፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ ቀላ ብሏል፣ መሐሉ የዳነ ይመስላል። "ደርቆበት ነው፣ ስንት ግራም ልግዛ?" ትላለች። ጭርት ይመስል ነበር። ጭርት ፈንገስ ነው፣ የራሱ መድኃኒት አለው፣ በሞይስቸራይዘር አይድንም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው አልኳት።

ይህ ጥፋት የመጣው ከእኔ ጽሑፍ ነው። "ቆዳ" ብዬ ስጽፍ ሁሉም የቆዳ ችግር ውስጡ ገባ። ስለዚህ ሰባተኛው ስላይድ ክሬሙ የማይሠራውን ይናገራል። ክብ ሆኖ የሚሰፋ፣ ሌሊት የሚያሳክክና ቤተሰቡን ሁሉ የያዘ፣ ውሃ የሚቋጥር፣ በሁለት ሳምንት ቅባት ለውጥ ያላመጣ ነገር ካለ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማድያት አያጠፋም። አያነጣም። "ያነጣል?" ለሚለው ጥያቄ የአክስቴ ልጅ ሌላ መልስ እንድሰጥ ትንሽ ገፋፍታኝ ነበር፣ ገበያው ያለው እዚያ ነው ብላ። በዚህ አልተደራደርኩም። የሚያነጡ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ ተደባልቆ ቆዳው ሳስቶ ደም ሥሩ እስኪታይ የተጎዱ ሴቶች እኛው ብሎክ ላይ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሱቆች ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቁኝ አንድ ነገር አደርጋለሁ። የመጨረሻውን ስላይድ በእጄ እሸፍንና "አታድርጊ" የሚል ስላይድ ካለ እመለስበታለሁ። ሱቁ የሚሸጠው ያን "አታድርጊ" የተባለውን ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ እጽፈው ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጣመመው ሌላውን የሚያጣጥለው ስላይድ ላይ ነው። ክሬሙን የሚያመሰግነው ላይ ሰው አስቀድሞ ይጠነቀቃል፣ ሻጭ መሆኑን ያውቃልና። "ይህን አቁሚ" የሚለውን ግን እንደ ምክር ነው የሚቀበለው።

የታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት ልጅ ገባች። ስልኳን ከፍታ ስላይዱን አሳየችን። "ይሄ ባለ 3 ደቂቃው አለ?" አለች። የአክስቴ ልጅ እጇን ትልቁ ቲዩብ ላይ አደረገች። ከዚያ አቆመችና "ለየትኛው ቦታ ነው የፈለግሽው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ለፊቴ። እግሬን እንደነገራችሁን በቫዝሊን እያደረግሁ ነው። ይኸው እይው" ብላ ቅልጥሟን በጥፍሯ ጫር አደረገችው። መስመሩ አልወጣም።

የአክስቴ ልጅ ትልቁን ቲዩብ መልሳ አስቀመጠችና ትንሹን አወረደችላት።